ለአንድ ቀን የሚሰጥ ርእስ

በየዓመቱ የገና ዕለት ማለዳ በላሊበላ ቤተ ማርያም ዙሪያ ብዙ ካሜራ ይቆማል። ነጭ የለበሱ ካህናት ከፊሎቹ ከላይ በማሜ ጋራ፣ ከፊሎቹ ከታች በቅጥሩ ውስጥ ሆነው ቤዛ ኩሉን ይቀባበላሉ፤ የላይኞቹ የመላእክት፣ የታችኞቹ የእረኞች ምሳሌ ናቸው። ይህን ሥርዓት የቀረፀው የባህል ሠራተኛ ግን ማምሻውን ሥራውን ዩቲዩብ ላይ ሲያኖር «ሰበር! የዛሬው የላሊበላ ገና ድባብ» የሚል ርእስ ይለጥፍበታል። በማግሥቱ «ዛሬ» የሚለው ቃል ሐሰት ይሆናል። በሳምንቱ ደግሞ ፊልሙን የሚጠይቅ ሰው አይኖርም። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ይህን ልማድ ለመንቀፍ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ሕዝቡ የሚሻው ትኩሱን ነው፤ የዕለቱን መነጋገሪያ ያልጠራ ርእስ ተመልካች አያገኝም» ሲሉ ይደመጣሉ። አባባሉ ግማሽ እውነት አለው። ስለ በዓል የሚደረገው ፍለጋ በዓሉ ሲቃረብ ይወጣል፣ በዕለቱ ጫፍ ይደርሳል፣ ከዚያም እንደ ክረምት ጎርፍ ድንገት ይጎድላል። እነዚህ ወገኖች የሚዘነጉት ግን ጎርፉ በየዓመቱ ተመልሶ የሚመጣ መሆኑን ነው። ጉግል ትሬንድስ የተባለውን የፍለጋ መመልከቻ ከፍቶ የገናን ስም የጻፈና ጊዜውን አምስት ዓመት ያደረገ ሰው፣ በአንድ ቦታ የሚደጋገም ተራራ ያያል። የዕለት ወሬ ግን ተራራው አንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሜዳ ነው። ሦስተኛውም ዓይነት አለ፤ «ውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ እንዴት ተፈለፈሉ?» እንደሚለው ያለ፣ በየወሩ ሳይበዛ ሳይጠፋ የሚጠየቅ ዘላቂ ጉዳይ። እንግዲህ ስሕተቱ ትኩስ ነገር መሥራቱ ላይ አይደለም፤ በየዓመቱ የሚመለሰውን ሥርዓት ተመልሶ እንደማይመጣ ወሬ መሰየሙ ላይ ነው።

ነገሩን በአንድ ሥራ ላይ እንመልከተው። ሜታዳታ የሚባለው፣ ማለትም ርእሱ፣ መግለጫውና መለያ ቃላቱ፣ ፈላጊና ሥራ የሚገናኙበት ድልድይ ነው፤ መፈለጊያው በቅድሚያ የሚያነበው እነዚህን ነውና። በዩቲዩብ ርእስ ከ100 ፊደል ሊበልጥ አይችልም፤ በስልክ ላይ ደግሞ የሚታየው መጀመሪያው ብቻ ነው። «ሰበር! የዛሬው» የሚሉት ቃላት ይህን ውድ ቦታ ይይዛሉ፤ በእነዚህ ቃላት የሚፈልግ ሰው ግን የለም። በአንጻሩ «ቤዛ ኩሉ፦ በላሊበላ ቤተ ማርያም የገና ማለዳ ሥርዓት» ቢባል፣ መጀመሪያ የሥርዓቱ ስም፣ ቀጥሎ ቦታው፣ ቀጥሎ በዓሉ ይነበባል። የተቀረፀበት ዓመት ይጥፋ ማለቴ አይደለም፤ ለታሪክ ያስፈልጋል። ቦታው ግን የመግለጫው የመጀመሪያ መስመር ነው።

የአጻጻፍ ነገርም አለ። በግእዙ ወግ «ቤዛ ኵሉ» ተብሎ ይጻፋል፤ በስልክ የሚፈልገው ወጣት ግን አብዛኛውን ጊዜ «ቤዛ ኩሉ» ይላል። መፈለጊያው ሁለቱን እንደ አንድ ቃል ይቆጥራቸዋል ብሎ መተማመን አይቻልም። ስለዚህ የተለመደው በርእሱ፣ ሌላው በመግለጫው ይግባ። መለያ ቃላትን በተመለከተ ዩቲዩብ ራሱ ሚናቸው አነስተኛ እንደ ሆነ፣ ጥቅማቸውም በስሕተት ለሚጻፉ ቃላት እንደ ሆነ ይናገራል። ሠላሳ መለያ ቃል በመደርደር ደካማ ርእስን ማዳን አይቻልም።

ጊዜውስ መቼ ነው? እዚህ ላይ ከብዙ የሙያ ባልደረቦቼ ጋር አልስማማም። እነርሱ በገና ሌሊት ሳይተኙ ያቀናብራሉ፤ ሥራው የሚወጣው ጎርፉ ማለፍ ሲጀምር ነው። መፈለጊያው አዲስ ሥራን ለማወቅ፣ ማን እንደሚከፍተውና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይበት ለመመዘን ጊዜ ይፈልጋል። በእኔ እምነት ዘንድሮ በገና የተቀረፀው ፊልም ተረጋግቶ ተቀናብሮ የሚወጣው በሚቀጥለው ዓመት የነቢያት ጾም ሲገባ፣ ኅዳር 15 ነው። ከዚያ እስከ በዓሉ ስድስት ሳምንት ያህል አለ፤ ወደ ላሊበላ ለመሄድ የሚያስበው ምእመንም፣ ከውጭ አገር ትኬት የሚቆርጠው ወገናችንም መጠየቅ የሚጀምሩት በዚያው ሰሞን ነውና። የዕለቱን ድባብ ወዲያው ማሳየት ግድ ከሆነ አጭር ሥራ ይውጣ፤ ወደ ዋናው ፊልም የሚያደርስ ማያያዣ ግን ይቀመጥበት። የድሮው ፊልም ርእሱ ስለ ከፋ ብቻ ተሰርዞ እንደ ገና መጫን የለበትም፤ ርእስና መግለጫ ሊታረም ይችላል፣ አድራሻውና የተመልካቹ ቁጥር ግን እንደ ነበረ ይቆያል።

ወደ ነሐሴ ስንሻገር ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ነሐሴ 16 የሚጀምረው የልጃገረዶች ጨዋታ በላስታ አሸንድዬ፣ በዋግ ሻደይ፣ በራያ ቆቦ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ይባላል። በላስታ የተቀረፀውን «አሸንዳ» ብሎ መሰየም ብዙ ፈላጊ ያስገኛል የሚል ክርክር ሰምቻለሁ። ይህ ለእኔ ተቀባይነት የለውም። የቀረፅነው አሸንድዬን ከሆነ ርእሱ አሸንድዬ ነው፤ «በዋግ ሻደይ፣ በራያ ሶለል፣ በትግራይ አሸንዳ ከሚባሉት በዓላት ጋር የሚዛመድ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በመግለጫው ቢገባ ሌላው ፈላጊም ይደርሳል። በሐሰት ስም የገባ ተመልካች በጥቂት ሰከንድ ይወጣል፤ መፈለጊያውም ይህን ይመዘግባል። ደግሞም ለእንዲህ ያሉ የአካባቢ ስሞች ጉግል ትሬንድስ «በቂ መረጃ የለም» ሊል ይችላል። ያ ማለት ፈላጊ የለም ማለት አይደለም፤ መጠኑ ከመለኪያው በታች ነው ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የሚሻለው መሥሪያ ቤቱ የራሱን የዩቲዩብ መዝገብ ከፍቶ ተመልካቾች በየትኞቹ የፍለጋ ቃላት እንደ መጡ ማንበብ ነው።

ድንገተኛ ክስተት ፈጽሞ ዘላቂ ሊሆን አይችልም የሚለኝ ካለ ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ያስታውስ። የቀለበት ቅርጽ ያለው የፀሐይ ግርዶሽ በላሊበላ ሰማይ አለፈ፤ የዚያ ማለዳ ወሬ በማግሥቱ ሞተ። «የቀለበት ግርዶሽ ለምን ይሆናል? በላሊበላ እንዴት ታየ?» የሚል ሥራ ግን በሌላ ግርዶሽ ሁሉ ይነሣል፤ ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. በሰሜን አፍሪካ በኩል የሚያልፈው ሙሉ ግርዶሽ በኢትዮጵያ በከፊል የሚታይ ስለ ሆነ ጠያቂው ያን ጊዜም ይኖራል።

ዘላቂ ርእስ ያለው ሥራ ግን ተጥሎ የሚረሳ አይደለም፤ በተለይ ቀን የተጻፈበት መግለጫ። ብዙዎች ገና ታኅሣሥ 29፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጥር 11፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 19 ብለው ጽፈው ይተዉታል። በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን 6 ቀን ስትሆን ግን በሚከተለው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ የፈረንጁ ቀን ጃንዋሪ 7 እንደ ሆነ ይቀራል። ጥምቀት ደግሞ ጥር 11ን ሳይለቅ በፈረንጁ ወደ ጃንዋሪ 20 ይዞራል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ከውጭ የሚመጣ እንግዳ በአሮጌ መግለጫ ተመርቶ ቢሆን ለጥምቀት በአንድ ቀን ቀድሞ በደረሰ ነበር። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነው፤ በላስታም በሌላውም ቦታ የገናና የጥምቀት ፊልም ያኖረ የባህል መሥሪያ ቤት ሁሉ በዚያ ዓመት ከኅዳር 15 በፊት መግለጫውን ከፍቶ ቀኖቹን ያርም።