ሦስት ወር ቆጥረው ለሚመለሱት



ደም ለሚሰጡ ሰዎች የሚቀርበው ምስጋና አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። «ሕይወት አዳናችሁ» ይባልና ጭብጨባ ይከተላል፤ ከዚያም ሁሉም ወደየሥራው ይሄዳል። እኛ ከኦጎልቾና ከአካባቢዋ የመጣን የአርትስ ፋኩልቲ ተማሪዎች ግን በዚህ ገጽ ላይ ከጭብጨባው ትንሽ እልፍ ብለን፣ ሦስት ወር በሞላ ቁጥር ተመልሰው ክንዳቸውን የሚዘረጉት ሰዎች በእርግጥ ምን እንደ ሠሩ ለማስረዳት እንወዳለን። አንድ ጊዜ የሰጠና ዘወትር የሚሰጥ ሰው ሁለቱም መልካም አድራጊዎች ናቸው። ዳሩ ግን የሠሩት ሥራ አንድ ዓይነት አይደለም።

ነገሩን በአንዲት እናት እንመልከተው። ይህች እናት ከኦጎልቾ ቆላ ምጥ ጠንቶባት ሽቅብ ወደ አሰላ ሆስፒታል ተወሰደች እንበል። ልጁ በሰላም ተወለደ። እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ግን ማኅፀኗ አልኮማተር አለ። በእርግዝና መጨረሻ ወደ ማኅፀን የሚሄደው ደም በየደቂቃው ከግማሽ ሊትር ይበልጣል፤ ይህን ሁሉ ደም ከወሊድ በኋላ የሚገታው የማኅፀኑ ጡንቻ ጭምድድ ማለት ነው። ጡንቻው ከላላ ደሙ እንደ ተከፈተ ቧንቧ ይወርዳል። በሰውነቷ ውስጥ ያለው ደም ከአምስት እስከ ስድስት ሊትር ቢሆን ነው። አዋላጆቹ ሆዷን ያሻሉ፣ ማኅፀን የሚያኮማትር መርፌ ይወጋሉ፣ በደም ሥሯ ፈሳሽ ያስገባሉ። መርፌው የሚፈሰውን ሊያቆም ይችላል፤ የፈሰሰውን ግን አይመልስም። ፈሳሹም የደም ሥሩን ይሞላል እንጂ ኦክስጅን አይሸከምም። በዚህ ጊዜ ከሌላ ሰው ደም በቀር የሚተካ ነገር የለም። የሚቀራት ጊዜም ሁለት ሰዓት ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ሊሆን ይችላል።

በዚያች ሰዓት ባሏ፣ ወንድሟና ጎረቤቶቿ በሆስፒታሉ ግቢ ቆመው «የኛን ደም ውሰዱ» ይላሉ። ፍቅራቸው አያጠራጥርም። ነገር ግን ከአንድ ሰው ክንድ የተቀዳ ደም ወዲያው ለሌላ ሰው አይሰጥም። ዓይነቱ መለየት አለበት። ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢና ሲ፣ እንዲሁም ቂጥኝ እንደሌሉበት መመርመር አለበት። ከታማሚዋ ደም ጋር መስማማቱም መታየት አለበት። ይህ ሁሉ እስኪፈጸም ሰዓታት ያልፋሉ፤ እናቲቱ ያሏት ሰዓታት ግን አይበቁም። ስለዚህ እሷን የሚያድናት ደም ገና ምጥ ሳይጀምራት፣ ምናልባትም ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ስሟን በማያውቅ ሰው ተሰጥቶና ተመርምሮ በማቀዝቀዣ ውስጥ የተቀመጠው ደም ብቻ ነው።

የዘወትር ለጋሾች ሥራ ይህ ነው። የእነርሱ ስጦታ ደም ብቻ አይደለም፤ ጊዜም ነው። የቤተ ዘመድ ደም ሁልጊዜ ከመፍሰሱ በኋላ ይደርሳል፤ የእነርሱ ግን ቀድሞ ይጠብቃል።

ይህ ልዩነት በአገራችን ታሪክ ውስጥም ታይቷል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የደም ባንክ ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ለብዙ ዓመታት ግን በሆስፒታሎች የሚሰጠው ደም አብዛኛው ከታማሚው ዘመድ በምትክ የሚገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 አገልግሎቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከተላለፈ በኋላ ሥራው በፈቃደኛ ለጋሾች ላይ እንዲቆም ተደረገ። ምክንያቱ የፍጥነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም። አንድ ሰው በበሽታ በተያዘ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ወይም ሳምንታት ምርመራው ላያሳይ ይችላል። እኅቱ በሞት አፋፍ ላይ ያለች ወንድም «በቅርቡ ለበሽታ የሚያጋልጥ ነገር ገጥሞሃል ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ እውነቱን መናገር እኅቱን እንደ መካድ ሊመስለው ይችላል። በየሦስት ወሩ በፈቃዱ የሚመጣ ሰው ግን የሚያስደብቀው ምክንያት የለውም፤ ደሙም በተደጋጋሚ የተመረመረ ነው። ስለዚህ የዘወትር ለጋሽ ደም ቀድሞ መድረሱ ብቻ ሳይሆን ይበልጥ የሚታመን መሆኑም መታወቅ አለበት።

እዚህ ላይ በብዙ ሰዎች አፍ ስለሚነገር አንድ አባባል ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። «አንድ ጊዜ የተሰጠ ደም ሦስት ሰው ያድናል» ይባላል። አባባሉ መሠረት አለው፤ ደሙ በተቀዳ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ በመሣሪያ ተሽከርክሮ በቀይ ሕዋስ፣ በፕላዝማና በፕላትሌት ከተከፈለ ለተለያዩ ታማሚዎች ሊውል ይችላል። ለምትደማዋ እናት ግን ስሌቱ ይገለበጣል። አንድ ከረጢት ደም 450 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አንድ ሊትር ተኩል የፈሰሳት እናት ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጡ ከረጢቶች ያስፈልጓታል። አንድ ለጋሽ ሦስት ሰው ማዳኑ ቀርቶ፣ ሦስት ለጋሾች ተረዳድተው አንዲት ሴት ያድናሉ ማለት ነው። ይህ የለጋሹን ክብር የሚቀንስ አይመስለንም። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ያሉት አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁት ነበር።

አሁን ወደ ቀን አቆጣጠሩ እንምጣ፤ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነውና። ሙሉ ደም ወይም ቀይ ሕዋስ በተለመደው ከረጢት ተቀምጦ ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠበቅ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ይጣላል። ለጋሹ ደግሞ ዳግመኛ ለመስጠት ሦስት ወር፣ ማለት 90 ቀን ያህል መጠበቅ አለበት፤ የፈሰሰው ውኃ በአንድ ሁለት ቀን ቢተካም ቀይ ሕዋሱና ብረቱ ሳምንታትንና ወራትን ይፈልጋሉና። እንግዲህ አንድ ሰው ብቻውን ከሦስት ወር ውስጥ መደርደሪያውን የሚሸፍነው 35ቱን ቀን ነው። የቀረው 55 ቀን ባዶ ነው።

የአንድ ክፍል ተማሪዎች ሁሉ ለክረምት ከመበተናቸው በፊት ሰኔ 20 ቀን ተሰልፈው ደም ሰጡ እንበል። ሰልፉ ያምራል። ነገር ግን ያ ደም ምንም ሰው ባይጠቀምበት እንኳ ሐምሌ 25 ቀን ያበቃለታል፤ ተማሪዎቹም እስከ መስከረም አጋማሽ ዳግመኛ መስጠት አይችሉም። ነሐሴ ማንም የለውም። በአገራችን የደም ባንኮች ከተማሪው ብዙ ደም ስለሚያገኙ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እጥረት የሚበረታው በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ደግሞ አንድ ዓይነት ደም ያላቸው ሦስት ጓደኛሞች ተስማምተው አንዱ ሰኔ 20፣ ሁለተኛው ሐምሌ 20፣ ሦስተኛው ነሐሴ 20 ቢሰጡ እናስብ። የመጀመሪያው ደም ሐምሌ 25 ሲያበቃ የሁለተኛው ገብቷል፤ ያም ነሐሴ 25 ሲያበቃ የሦስተኛው አለ፤ እርሱም እስከ መስከረም 20 ይቆያል። የመጀመሪያው ጓደኛ ደግሞ መስከረም 15 ቀን ዘጠና ቀኑን ጨርሷል። የሰው ቁጥርና የደሙ መጠን አንድ ነው፤ የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው። ይህን በማድረግ ክረምቱ ሙሉ ተሸፈነ።

በእኛ አካባቢ ሌላም ክፍተት አለ። ኦጎልቾ በዝዋይ ሐይቅ በኩል ባለው ቆላ ናት፤ አሰላ ደግሞ ደጋ ናት። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ከመስከረም እስከ ኅዳር በቆላው ወባ ይበረታል። ወባ ቀይ ሕዋስን ስለሚያፈርስ ሕፃናት ክፉኛ ደም አንሷቸው ወደ ሆስፒታል ይመጣሉ። አሥር ኪሎ የሚመዝን ልጅ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትር ያህል ሙሉ ደም፣ ማለት ከአንድ ከረጢት ከግማሽ በታች፣ ከሞት ሊመልሰው ይችላል። ነገር ግን በዚያው ወቅት ወባ የያዘው የቆላ ለጋሽ ታክሞ ቢድንም ለወራት እንዳይሰጥ ይደረጋል፤ ተሐዋሲው በደሙ ሊተላለፍ ይችላልና። ደም የሚፈለግበት ጊዜና የቆላው ለጋሽ የሚከለከልበት ጊዜ አንድ ሆኑ ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የቆላውን ልጅ የሚይዘው ወባ ብዙ የማያውቀው የደጋው ለጋሽ ክንድ ነው። በበጋው ደግሞ የቆላው ሰው ብድሩን ይመልሳል።

ወደ ሰልፉ መጥተው ስለ ተመለሱትም እንናገር። ሄሞግሎቢናቸው ከ12.5 ግራም በታች ሆኖ፣ ወይም ክብደታቸው 45 ኪሎ ሳይሞላ ቀርቶ፣ ወይም ወባ ታመው ስለ ነበር «ዛሬ አይሆንም» የተባሉ አሉ። በተለይ ዘወትር የሚሰጡ ሴቶች ብረታቸው ሊያንስ ይችላል፤ ቶሎ ቶሎ መድከምና መፍዘዝ ካለ ምልክቱ ነው። በሽታን ሳይደብቅ ተናግሮ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ያልታወቀ አንድ ታማሚ ከአደጋ ጠብቋልና ከለጋሾቹ ተራ ሊቆጠር ይገባዋል።

ይህ የዘወትር ለጋሾች አሠራር ከደም ባንክ ይልቅ ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1921 በለንደን የቀይ መስቀል ሰው የነበረው ፐርሲ ሌን ኦሊቨር ከአንድ ሆስፒታል ደም ይፈለጋል ተብሎ ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ከሄደ በኋላ፣ በተጠሩ ጊዜ የሚመጡ ፈቃደኞችን ስም መመዝገብ ጀመረ። በዚያን ዘመን ደም በማቀዝቀዣ የማስቀመጥ ልማድ ስላልነበረ ማቀዝቀዣው ሰዎቹ ራሳቸው ነበሩ። ዛሬ ማቀዝቀዣ አለን፤ ነገር ግን ማቀዝቀዣ ራሱ ደም አያፈልቅም፤ የሚሞላው መዝገብ ላይ ያሉት ሰዎች በቀናቸው ሲመጡ ነው።

በአማርኛችን «ደም መላሽ» ማለት ሁለት ትርጉም አለው፤ አንዱ በቀለኛ ነው፣ ሁለተኛው መርፌው የሚገባበት የደም ሥር ነው። እናንት የዘወትር ለጋሾች በሁለተኛው ትርጉም ደም መላሾች ናችሁ።

ስለዚህ ሐሳባችን ይህ ነው። ለዘወትር ለጋሾች የምስክር ወረቀት ሲሰጥ ስንት ጊዜ ሰጠ ተብሎ ብቻ ሳይሆን በየትኛው ወር ሰጠ ተብሎም ይመዝገብ። በነሐሴ ዝናብ ጭቃ ረግጦ አንድ ጊዜ የሰጠ ሰው በሰኔ ሰልፍ ከሰጠው ይልቅ የባሰ ባዶ ቦታ ሞልቷልና። የተማሪዎች ማኅበሩም የደም ዓይነታችንን የያዘ ዝርዝር አዘጋጅቶ በሦስት ምድብ ይክፈለን፤ አንዱ ምድብ ከመበተናችን በፊት፣ ሁለቱ ደግሞ በየአገራቸው ሳሉ በአቅራቢያቸው ባለው የደም ባንክ ወይም የደም ባንኩ ቡድን ወደ ወረዳቸው በሚመጣበት ቀን ይስጡ። የኦጎልቾ ልጆች ለአሰላ የሚሰጡበትን ቀን ከደም ባንኩ ጋር አስቀድመው ይነጋገሩበት።

ለእናንተ ሦስት ወር ቆጥራችሁ ለምትመለሱት፣ ከቆላው ሽቅብ የወጣችውን እናት የጠበቃት ደም የእናንተ ነበርና እናመሰግናችኋለን። የሚቀጥለው ቀናችሁ መቼ እንደሆነ በካርዳችሁ ላይ ተጽፏል፤ እኛም የራሳችንን ከእናንተ ቀን ቀጥሎ እንጽፋለን።