ሦስት ሰዓት ስንል የማን ሦስት ሰዓት?

ሰንጋ ተራ ዛሬ ስሙን ያወጣለት ሰንጋ የለበትም፤ የባንክ ሕንፃ ነው የሞላበት። በእነዚህ ፎቆች መካከል ባሉት አነስተኛ ቢሮዎች ደግሞ ለዋሽንግተንና ለአካባቢዋ ኩባንያዎች ሒሳብ የሚይዙ፣ ዶክመንት የሚያዘጋጁ፣ ስልክ የሚመልሱ ወጣቶች ይሠራሉ። አለቆቻቸው ብዙ ጊዜ እዚያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ናቸው። ሥራው የሚቀጠረው በስልክ መልእክት ነው፤ መልእክቱም ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። እኛ በዚህ መቀላቀል አንከፋም። የሚያሳስበን በውስጡ የሚጠፋው ሰዓት ነው።

እስቲ አንዱን ዓይነተኛ መልእክት እንውሰድ፤ «ነገ 3:00 ሚቲንግ አለን፣ ፕሊስ ሪፖርቱን ቀድማችሁ ላኩ።» አጭር ነው፣ ጨዋም ነው። ግን ስንት ሰዓት ነው? ጊዜው በጋ ነው እንበል፤ የፈረንጆቹን በጋ ማለታችን ነው። በዚያን ጊዜ ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በ7 ሰዓት ወደኋላ ትቀራለች። ላኪው በእኛ አቆጣጠር የአዲስ አበባን ጠዋት አስቦ ከሆነ 3 ሰዓት ነው፤ እርሱ ግን በዚያ ሰዓት ከሌሊቱ 2 ላይ እንቅልፍ ላይ ነው። የአዲስ አበባን 3 ፒኤም አስቦ ከሆነ ለእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ለእርሱ ደግሞ ጠዋት 8 ነው። የራሱን ከሰዓት 3 አስቦ ከሆነ እኛ ጋ ከምሽቱ 4 ሰዓት ይሆናል። አሜሪካ ተቀምጦም በሐበሻ የሚቆጥር ሰው ከሆነ፣ ጠዋት 3 ሲል በእነርሱ 9 ማለቱ ነው፤ ያ ደግሞ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት ነው። አንድ «3:00» አራት ቀጠሮ ወለደ ማለት ነው።

የነገሩ ሥር ሁለት ነው። አንደኛው የቆጠራው ነው፤ እኛ ቀኑን ከንጋት እንቆጥራለን፣ እነርሱ ከእኩለ ሌሊት፣ ልዩነቱም ሁልጊዜ 6 ነው። ሁለተኛው የቦታ ነው፤ ይህኛው ግን ቋሚ አይደለም። እኛ ሰዓታችንን አናዛውርም። አሜሪካኖች በማርች ሁለተኛ እሁድ አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋሉ፣ በኖቬምበር የመጀመሪያ እሁድ ይመልሳሉ። በዚህ ምክንያት 7 የነበረው ልዩነት በክረምታቸው 8 ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ በዋሽንግተን ጠዋት 8 ላይ የሚደረግ ሳምንታዊ ስብሰባ ለሰንጋ ተራው ሠራተኛ አብዛኛውን ዓመት 9 ሰዓት፣ ቀሪውን 10 ሰዓት ነው። በእነዚያ ሁለት እሁዶች ማግስት ሰው ከስብሰባ ሲቀር «ኔትዎርክ ነው» ከማለት በፊት ካላንደር ማየት ይጠቅማል።

እንግዲህ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዳንዶች «አማርኛውን ሰዓት ተዉት፣ በ24 ሰዓት ጻፉ» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ 15:00 የተባለ ሰዓት በሐበሻ ሊነበብ አይችልም። ነገር ግን «በ15 ሰዓት እንገናኝ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ አላየንም። የአውሮፕላን ትኬት የያዘ ሰው እንኳን 22:35ን አይቶ «በእኛ ስንት ሰዓት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የማይነገር ነገር ለትኬት ይሆናል፤ ለሥራ ባልደረባ ሲጻፍ ግን ይጎረብጣል።

እኛ የምንለው ሌላ ነው። መፍትሔው አማርኛው ራሱ ውስጥ አለ፤ «ከጠዋቱ»፣ «ከሰዓት»፣ «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» የሚሉት ቃላት። ልብ ብላችሁ እዩ፦ የእኛ ጠዋት ከ1 እስከ 5 ነው፣ የእነርሱ ከ7 እስከ 11። የእኛ ከሰዓት ከ7 እስከ 11 ነው፣ የእነርሱ ከ1 እስከ 5። አይነካኩም! ስለዚህ «ከጠዋቱ 3» ያለ ሰው በሐበሻ እንደቆጠረ፣ «ጠዋት 8» ያለ ሰው በፈረንጅ እንደቆጠረ ሳይጠየቅ ይታወቃል። «ከሰዓት 8» የእኛ ነው፣ «ከሰዓት 3» የእነርሱ። አደጋው ቃሉ ሲጣል ነው። በውጭ አገር አንድ የሐበሻ ሥራ ቦታ «ስምንት ሰዓት ግባ» ብቻ የተባለ አዲስ መጪ፣ በጠዋት ሲጠበቅ ከሰዓት በ2 ቢደርስ አይፈረድበትም፤ በቋንቋው በትክክል ሰምቷል።

ይህም ወሰን አለው። 11 ሰዓት ላይ ነገሩ ይላላል፤ «ማታ 11» ለአንዱ ጀንበር ከመጥለቋ በፊት ነው፣ ለሌላው እኩለ ሌሊት ሊሆን ሲል። እዚያ ላይ ሁለቱንም መጻፍ ግድ ነው። ከሁሉም የከፋው ግን ድብልቁ ነው፦ «3:00 ኤኤም»። ጸሐፊው «ኤኤም»ን «ጠዋት» ብሎ ተርጉሞ በሐበሻ ቁጥር ላይ ለጠፈው። ካላንደሩ ግን 3:00 ኤኤም የሚባል እውነተኛ ሰዓት ስላለ ሳያንገራግር ይቀበላል፤ ለእርሱ ከሌሊቱ 9 ነው። በፈረንጅ ከሌሊቱ 1 እስከ 5 ባለው ውስጥ የስብሰባ ጥሪ ከደረሳችሁ፣ በአብዛኛው ይህ ስሕተት ነውና ጠይቁ። ከዚህ የሚወጣው ሕግ አንድ ነው፦ ሌላውን እንደፈለጋችሁ ቀላቅሉ፤ ቁጥሩንና ገላጩን ግን ከአንድ ቋንቋ አምጡ።

«ነገ»ም አይታመንም። ማክሰኞ ከምሽቱ 1 ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ዋሽንግተን ላይ የተጻፈ «ነገ» አዲስ አበባ ሲደርስ ከረቡዕ ሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ሠራተኛው ጠዋት ሲያነበው ሐሙስ ይመስለዋል። የቀኑን ስም መጻፍ ይበቃል፤ የወሩ ቀን ቢለያይም ረቡዕ በሁለቱም ካላንደር ረቡዕ ነው። ለሌሊት ደግሞ አባቶቻችን «ረቡዕ ለሐሙስ አጥቢያ» የሚል የማያሻማ አነጋገር ትተውልናል፤ ለምን እንደምንረሳው አይገባንም።

አሁን ስለ ለዛው። ሰው በቀጠሮ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ የሚሸሸው አማርኛ አንሶት አይደለም፤ «አንተ» ይበል «እርስዎ» ስላልወሰነ ነው። እንግሊዝኛው ከዚህ ውሳኔ ያሳርፋል። ግን ለጋሼ ወይም ለእትዬ የሚጻፍ መልእክት በእንግሊዝኛ ሲሆን ደረቅ ትእዛዝ ይመስላል፤ ለእኩያ የተጻፈ «ይገኙ ዘንድ በትሕትና» ደግሞ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስላል። ከዚህ መካከል ያለው ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ጋሼ፣ የሐሙሱ ሚቲንግ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በእናንተ ጠዋት 8 ላይ ነው። ሪፖርቱን ረቡዕ ማታ ከመተኛትዎ በፊት ኢሜይል አደርግልዎታለሁ። ካልተመቸዎት ይንገሩኝ።»

ለእኩያ ሲሆን፦ «የሐሙሱ ሚቲንግ በእኛ 9 ሰዓት፣ በእናንተ ጠዋት 8 ነው፤ ካልተመቸሽ ቴክስት አድርጊልኝ።» ሁለቱም ቅልቅል ናቸው፣ ሁለቱም የሰው ንግግር ይመስላሉ። ሰዓቱን ግን ማንም አያስትም።

«በእኛ» እና «በእናንተ» የሚሉት ሁለት ቃላት ናቸው ሥራውን የሠሩት። ይህን የመጻፍ ግዴታ ያለበት ደግሞ ላኪው፣ በተለይም አለቃው ነው ብለን እናምናለን። ባልተጻፈ ሰዓት ያረፈደ ሠራተኛ ደመወዝ ሲቆረጥበት፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት መልእክቱ ነው።