ጥያቄው ትንሽ ይሁን

በሊንክድኢን ለማናውቀው ሰው የንግድ ሥራ ፈልገን ስንጽፍ መልእክታችን ጭቅጨቃ የሚመስለው ትሕትና ስላነሰው አይደለም። «ክቡር ሆይ» ብሎ የሚጀምረውም ያሰለቻል። ተቀባዩን የሚከብደው የምንጠይቀው ነገር ነው። ገና ስማችንን ያልሰማ ሰው ዋጋ እንዲያይ፣ ቀጠሮ እንዲይዝ፣ ውል እንዲያስብ እንጠይቀዋለን።

አንድ አነስተኛ ቡና ላኪ ሐምቡርግ ውስጥ ቡና ቆልቶ ለሚሸጥ ድርጅት የግዢ ኃላፊ ሊጽፍ ነው እንበል። የተለመደው እንዲህ ይላል፦ «ግንባር ቀደም ላኪዎች ነን። የይርጋጨፌ፣ የሲዳማና የጉጂ ቡና በተመጣጣኝ ዋጋ እናቀርባለን። ማክሰኞ በስልክ እንነጋገር?» ይህ መልእክት አንድ ፊደል ሳይቀየር ለማንኛውም ገዢ ሊላክ ይችላል፤ ኃላፊውም ይህን ወዲያው ያውቃል።

እኔ ብሆን እንዲህ እጽፋለሁ፦ «የታጠበ ይርጋጨፌ እንደምትሸጡ ድረ ገጻችሁ ላይ አየሁ። እኔ ያልታጠበ የጉጂ ቡና እልካለሁ። የአዲስ ምርት ናሙና የምትቀምሱት በየትኛው ወር ነው?»

መልሱ አንዲት ቃል ናት፤ «መጋቢት» ቢል ይበቃል። «ጉጂ አንፈልግም» ማለትም አይከብደውም። ለላኪው ደግሞ ከስልክ ቀጠሮ የማይተናነስ ጥቅም አለው። የቡናችን ለቀማ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሆነ፣ ናሙናውን መቼ አዘጋጅቶ መመለስ እንዳለበት ያውቃል።

ከግብዣ ጋር የሚላከው ማስታወሻ ለማይከፍል ተጠቃሚ 200 ፊደል ገደማ፣ ለሚከፍል 300 ነው። ከላይ ያለው መልእክት በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከነጥያቄው በዚህ ውስጥ በደንብ ይገባል። የማይገባው ረጅሙ ሰላምታና የድርጅቱ ታሪክ ነው፤ እነሱን አንብቡልኝ ማለት አይገባም።

ከሁሉ የምቃወመው ግን ዓላማን መደበቅ ነው። «ለመተዋወቅ ያህል ነው» ተብሎ ግብዣው ተቀባይነት ባገኘ ማግሥት የዋጋ ዝርዝር ሲመጣ፣ ሰውየው እንደተታለለ ይቆጥረዋል፤ እውነቱን ነው። ቡና እንደሚልክ በመጀመሪያው ማስታወሻ የነገረው ሰው ግን ኋላ ስለ ቡና ቢያወራ ማንም አይደነግጥም።

ኃላፊው «መጋቢት» ብሎ ከመለሰ፣ ምስጋናና አንድ ጥያቄ ብቻ ይከተሉ፦ «ያኔ 300 ግራም ናሙና ብልክ ትቀምሱታላችሁ?» ዋጋው ከቅምሻ በኋላ ይደርሳል።

ዝም ካለስ? አንድ ጊዜ መመለስ ይቻላል፤ ግን አዲስ ነገር ይዞ። «መልእክቴን አይተውታል?» ማለት ገዢውን ለዝምታው መልስ ስጥ ማለት ነው። «የዘንድሮው ናሙና ደርሷል፣ የቅምሻ ነጥቡም ይኸውና» ማለት ግን የሚያየው ነገር ይሰጠዋል። ከዚያም ዝም ካለ እስከ ቀጣዩ ምርት ይተወው።