«አውቶቡሱ ቢመጣ» ብላ ኤክስ የተደረገባት ልጅ

ዛሬ ስለ ፖለቲካ አይደለም የምጽፈው። ወይም ደግሞ ነው፤ አንብባችሁ ፍረዱ።

የጎረቤቴ ልጅ ስምንተኛ ክፍል ናት። ኮተቤ ከመጡ ገና ዓመት አልሞላቸውም። መገናኛ አካባቢ ነበር የሚኖሩት፤ አከራያቸው ኪራይ ሲጨምርባቸው ወደዚህ ወጡ። ባለፈው ሳምንት ማታ የእንግሊዝኛ ወርክሺቷን ይዛ መጣችና «ጋሼ፣ ይቺን እዩልኝ፣ ለምን እንደተሳሳትኩ አልገባኝም» አለችኝ። ሁላችንም ተማሪ ሳለን የምናውቃት ወረቀት ናት፦ «ኢፍ» ያለባቸው ዐሥር ዓረፍተ ነገሮች፣ በየመሐላቸው ባዶ ቦታ፣ ግሱን በትክክለኛው ቅርጽ ሙላ። ሰባተኛዋ እንዲህ ትላለች፦

«ኢፍ ዘ ባስ ____፣ ዊ ____ ኦን ታይም።»

ለመጀመሪያው ባዶ ቦታ «ካም» የሚለው ግስ ተሰጥቷል፣ ለሁለተኛው ደግሞ «ቢ»። ልጅቱ «ኬም» እና «ዉድ ቢ» ብላ ሞልታለች። በእኛ ቋንቋ «አውቶቡሱ ቢመጣ በሰዓቱ እንደርስ ነበር» ማለቷ ነው። በቀይ እስክሪብቶ ኤክስ ተደርጎ «ካምስ» እና «ዊል ቢ» ተብሎ ታርሟል፦ «አውቶቡሱ ከመጣ በሰዓቱ እንደርሳለን»።

«ለምን ኬም አልሽ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ አውቶቡሱ መቼ ይመጣል?» አለችኝ።

ከካራ ወደ መገናኛ ጠዋት ተሰልፎ የሚያውቅ ሰው ይህን መልስ እንዲያብራሩለት አይፈልግም። ልጅቱ ሰዋስው አልተሳሳተችም። በተቃራኒው፣ ይህ ትምህርት የሚጠይቀውን ዋና ነገር ነው ያደረገችው፦ ነገሩ የሚሆን ነው ወይስ የማይመስል ብላ አመዛዝና ከዚያ የግሱን ቅርጽ መረጠች። አራሚው እጅ ያለው የመልስ ወረቀት ግን አውቶቡሱ ይመጣል ብሎ ወስኗል። በምን ማስረጃ? ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ አንዲትም ፍንጭ የለችም።

ክፍል ውስጥ ታይፕ ዋን፣ ታይፕ ቱ፣ ታይፕ ስሪ እየተባለ የሚሸመደደው ነገር ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ታይፕ ዋን የሚሆን ነገር ነው፤ በ«ኢፍ» ወገን የአሁኑ የግስ ቅርጽ፣ በውጤቱ ወገን «ዊል»። ታይፕ ቱ ተናጋሪው ይሆናል ብሎ የማይጠብቀው ነው፤ በ«ኢፍ» ወገን የኃላፊው ቅርጽ፣ በውጤቱ «ዉድ»። ታይፕ ስሪ ጊዜው ያለፈበትና ከእንግዲህ ሊሆን የማይችል ነው፤ በ«ኢፍ» ወገን «ሃድ» እና ሦስተኛው የግስ ቅርጽ፣ በውጤቱ «ዉድ ሃቭ»። በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን የጊዜ ልዩነት አይደለም። ሁለቱም ስለ ነገ ጠዋት ሊሆኑ ይችላሉ። ልዩነቱ የተናጋሪው ግምት ነው። ስለዚህ «አውቶቡሱ» ሲባል አንዱ ሰው ታይፕ ዋን ይላል፣ ሌላው ታይፕ ቱ፤ እንደየሰፈሩ።

እንግዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያወጣ ሰው ሁለት መንገድ አለው፣ ሁለቱም ችግር አለባቸው። ሁለቱንም ግስ ባዶ ከተወ፣ ዓውድ እስካልሰጠ ድረስ ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ ይኖራል፤ የጎረቤቴ ልጅ የወደቀችበት ጉድጓድ ይሄ ነው። አንዱን ግስ ሞልቶ ሌላውን ብቻ ከጠየቀ ደግሞ ተማሪው ዓረፍተ ነገሩን ማንበብም አያስፈልገውም። «ዊል» ካየ የአሁኑን ይጽፋል፣ «ዉድ» ካየ የኃላፊውን፣ «ዉድ ሃቭ» ካየ «ሃድ» ያለበትን። ሦስት ጥንድ የሸመደደ ልጅ ስለ አውቶቡስ ይሁን ስለ ግመል ሳያውቅ ዐሥር ከዐሥር ያገኛል። እኔ ራሴ በዚህ መንገድ ሙሉ አግኝቼ ያለፍኩ ሰው ነኝ። ምን እንዳልኩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

መምህሩን አግኝቼ አነጋገርኳቸው። ትሁት ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። «እውነትዎን ነው፣ ግን አራት ክፍል ነው የማስተምረው፣ በየክፍሉ ስልሳ ልጅ» አሉኝ። ሁለት መቶ አርባ ወረቀት ማለት ነው። ከመልስ ወረቀት ጋር እያመሳከሩ ኤክስና ራይት ከማድረግ ሌላ ምን ያድርጉ? እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን ከዚህ የተለየ አላደርግም ነበር። ጥፋቱ ያለው ጥያቄው ሲጻፍ ነው፤ የሚስተካከለውም እዚያው ነው።

ማስተካከያው አንድ መስመር ቀለም ነው። ከባዶ ቦታው በፊት ሁኔታውን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር፣ ከዚያ ሁለቱንም ግስ ባዶ መተው። «ሰዓቱ አንድ ተኩል ነው፣ አውቶቡሱ ሁልጊዜ በሃያ አምስት ይመጣል፣ ዛሬ ትንሽ ዘግይቷል» ከተባለ መልሱ «ካምስ» እና «ዊል ቢ» ነው። «በዚህ መንገድ አውቶቡስ ካለፈ ሳምንት ሆኖታል» ከተባለ «ኬም» እና «ዉድ ቢ»። «ትናንት አውቶቡስ ጠፍቶ በእግር ሄደን አርፍደናል» ከተባለ ደግሞ «ሃድ ካም» እና «ዉድ ሃቭ ቢን»። አሁን መልሱ አንድ ነው፣ ስልሳ ወረቀትም እንደ ድሮው በፍጥነት ይታረማል፣ ተማሪው ግን ሳያነብና ሳያስብ ሊሞላው አይችልም።

አንድ ሌላ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ሁልጊዜ «ልጆቻችን እንግሊዝኛ አይገባቸውም» ሲባል እንሰማለን እንጂ አማርኛው ምን እንደሚያስተምራቸው አናይም። እኛ እነዚህን ሦስት ደረጃዎች እናትና አባታችን ቤት ተምረናቸዋል። «ከመጣ»፣ «ቢመጣ»፣ «መጥቶ ቢሆን ኖሮ»። የሚያደናቅፈው የሁለቱ ቋንቋዎች ስፌት የተለያየ ቦታ ላይ መሆኑ ነው።

የመጀመሪያው መሰናክል «ከመጣ» ነው። ውስጡ «መጣ» አለ፣ ያለፈ ጊዜ ግስ። የምናወራው ግን ስለ ነገ ነው። ቃል በቃል የሚተረጉም ልጅ «ኢፍ ሂ ኬም» ብሎ ይጽፋል፤ የሚሆን ነገር ሊናገር ፈልጎ የማይመስል ነገር ተናግሮ ቁጭ ይላል። ሁለተኛው መሰናክል «ነበር» ናት። «ቢመጣ እንደርስ ነበር» እና «መጥቶ ቢሆን ኖሮ እንደርስ ነበር» በውጤታቸው ወገን አንድ ናቸው፤ ልዩነቱን የሚሸከመው የ«ቢ» ወገን ብቻ ነው። እንግሊዝኛ ግን ውጤቱንም ይከፍለዋል፦ «ዉድ ቢ» እና «ዉድ ሃቭ ቢን»። ስለዚህ ልጆቻችን ታይፕ ስሪ ላይ መጀመሪያውን በትክክል ሞልተው ውጤቱ ላይ «ዉድ ቢ» ብለው ይወድቃሉ። ይህ ስንፍና አይደለም፤ አማርኛቸው የነገራቸውን ነው የሚጽፉት። መምህሩ ሁለቱን የአማርኛ ዓረፍተ ነገሮች ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን ጽፎ «እዩ፣ እኛ እዚህ ጋ አንለይም፣ እነሱ ይለያሉ» ቢል ከሰንጠረዡ በላይ ይጠቅማቸዋል። አስተማሪዎችን የሚያሠለጥነው የኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ሰፈራችን ነው። አንድ ሠልጣኝ ከመመረቁ በፊት እንዲህ ያሉ ዐሥር ጥያቄዎች ራሱ ጽፎ፣ ጓደኛው ሁለተኛ ትክክለኛ መልስ እንዲፈልግበት ቢደረግ ብዙ ወጪ የለውም።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ኢፍ?» የሚለኝ ሰው ይኖራል። ልጅቱ በሚቀጥለው ዓመት ዘጠነኛ ክፍል ትገባለች። ሁለተኛ ደረጃ ላይ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ታሪኩም፣ ባዮሎጂውም። የታሪክ መጽሐፏ ላይ «ኢፍ ኢታሊ ሃድ ዎን አት አድዋ» ብሎ የሚጀምር ዓረፍተ ነገር ቢገጥማት፣ ጣሊያን በ1888 እንዳላሸነፈች የሚነግራት «ሃድ ዎን» የሚለው ነው። እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «አላሸነፈችም» የሚል ቃል የለም። አድዋን ስለምታውቅ አትሳሳትም። ስለማታውቀው ጦርነት፣ ስለማታውቀው ሙከራ፣ ስለማታውቀው ውል ሲሆንስ? የሆነውን ካልሆነው የምትለይበት መሣሪያ ይቺ ባዶ ቦታ ስትሞላ የሚሠራ ነው ወይም አይሠራም።

የዚያን ቀን ማታ ወርክሺቱን ወደ ጎን አድርጌ፣ ስለ ራሷ ሦስት ዓረፍተ ነገር እንድትጽፍ ነገርኳት። የመረጠችው ርዕስ ኪራይ ነው። መጀመሪያ «ኪራይ ካልጨመረ እዚሁ ትምህርት ቤት እቀጥላለሁ» አለች፣ ታይፕ ዋን አድርጋ ጻፈችው። ትንሽ አሰበችና ሰርዛ ታይፕ ቱ አደረገችው። እናቷ ከበሩ ላይ ሆና ሳቀች፤ ሳቋ ግን የደስታ አልነበረም።

ሦስተኛው ላይ ቆም አለች። «ኪራይ ባይጨምር ኖሮ አሁን መገናኛ እንኖር ነበር» ልትል ነው። «ኢፍ ዘ ሬንት ሃድ ኖት ኢንክሪስድ» ብላ ጀመረች፤ ይህ ታይፕ ስሪ ነው። ከዚያ ጥንዱ ትዝ አላትና «ዊ ዉድ ሃቭ ሊቭድ» ልትጽፍ ስትል እስክሪብቶዋን አነሳች። «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ያኔ እንኖር ነበር ነው። እኔ አሁን ማለቴ ነው።» ትክክል ናት። ምክንያቱ አልፏል፣ ውጤቱ ግን ዛሬም አለ፤ በየማለዳው ሰልፍ ላይ ያቆማታል። እንግሊዝኛም ይህን ያውቃል፦ «ኢፍ ዘ ሬንት ሃድ ኖት ኢንክሪስድ፣ ዊ ዉድ ሊቭ ኢን መገናኛ ናው»። አንዱ ወገን ታይፕ ስሪ፣ ሌላው ታይፕ ቱ። የሰዋስው መጻሕፍት ድብልቅ ኮንዲሽናል ይሉታል፤ ከሦስቱ ሣጥኖች ውጭ ነው፣ ፍጹም ትክክል ነው።

ሦስቱን ጥንድ ብቻ ይዞ ለሚያርም የመልስ ወረቀት ግን ይህም ኤክስ ነው። ልጅቱ ዓረፍተ ነገሩን በሌላ ወረቀት ገልብጣ ሰኞ ለመምህሯ ልታሳያቸው ይዛው ሄዳለች።