የፊቱ በር ተቆልፎ የጓሮው ክፍት እንዳይሆን

 

ዛሬ አንድ ወጣት ከነጌሌ ቦረና ወይም ከያቤሎ ሳይወጣ ለውጭ አገር ሰው ጽሑፍ ተርጉሞ ዋጋውን መቀበል ይችላል። ውሉን የሚዋዋለው በአፕወርክ ነው። ገንዘቡ ፔዮኒር ውስጥ ይቀመጣል፤ ከዚያም ወደ ባንኩ፣ ከባንኩም ለቤት አስቤዛ ወደ ቴሌብር ይተላለፋል። በዚህ መንገድ ላይ በርካታ በሮች አሉ። ብዙዎቻችን ታዲያ የምንጨነቀው ስለ በሩ ቁልፍ ማለትም ስለ የይለፍ ቃሉ ብቻ ነው። ሌባው ግን ብዙውን ጊዜ በፊት በር አይመጣም። «የይለፍ ቃሌን ረስቻለሁ» በምትለው የጓሮ በር ነው የሚገባው። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንነጋገረው ስለዚህችው የጓሮ በር ነው።

በአርጀንቲና የሆነው

እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2024 በአርጀንቲና የሚኖሩ ብዙ የፔዮኒር ደንበኞች ከእንቅልፋቸው ሲነቁ አካውንታቸው ባዶ ሆኖ አገኙት። አብዛኞቹ በኢንተርኔት ለውጭ አሠሪዎች የሚሠሩ ሰዎች ነበሩ። በየበኩላቸው ባለሁለት ደረጃ መግቢያ አብርተው ነበር፤ ይኸውም ከይለፍ ቃሉ ሌላ በአጭር የስልክ መልእክት የሚላክ ኮድ ይጠየቁ ነበር። ገንዘቡ ከመጥፋቱ በፊት የይለፍ ቃል ለመቀየር ፈቃድ የሚጠይቅ መልእክት በስልካቸው የደረሳቸው ነበሩ። ከተጎዱት አብዛኞቹ የአንድ ስልክ ድርጅት ደንበኞች መሆናቸውም ተስተውሏል። ፔዮኒር ደንበኞቹ ሐሰተኛ ማያያዣ ከፍተው ተታለዋል ሲል፣ ከተጎዱት መካከል ምንም አልከፈትንም ያሉ ነበሩ።

የክርክሩ ዳኛ እኛ አይደለንም። የምንማረው ግን ግልጽ ነው። በዚያን ጊዜ የይለፍ ቃሉን ለመቀየር የሚያስፈልገው በስልክ የሚመጣው ኮድ ነበር። ስለዚህ ያ ኮድ በማንኛውም መንገድ በሌላ ሰው እጅ ከገባ፣ የይለፍ ቃሉ የቱንም ያህል ረጅም ቢሆን ዋጋ አልነበረውም። ሁለት ቁልፍ ያለው የሚመስለው ቤት በእውነቱ ባለ አንድ ቁልፍ ነበር ማለት ነው።

እስቲ በአንድ ምሳሌ እንየው

በነጌሌ የምትኖር አንዲት ተርጓሚ እህት አለች እንበል። የመጀመሪያ ስልኳን ስትገዛ ኢሜይሏን የከፈተላት የሞባይል ቤቱ ልጅ ነው። ኢሜይሉ «የመልሶ ማግኛ ስልክ» ብሎ ሲጠይቅ ልጁ ለጊዜው የራሱን ቁጥር ሞላ፤ የይለፍ ቃሉንም ስሟንና 1234 አደረገው። ከዓመታት በኋላ እህታችን በዚያው ኢሜይል አፕወርክንና ፔዮኒርን ከፈተች።

የዚህች እህት ገንዘብ ያለው ፔዮኒር ውስጥ ይምሰል እንጂ፣ ቁልፉ ያለው ኢሜይሏ ውስጥ ነው። ኢሜይሏን የያዘ ሰው አፕወርክ ላይ «ረስቻለሁ» ቢል መቀየሪያው የሚመጣለት እዚያው ነው። የኢሜይሏ ቁልፍ ደግሞ ያለው በሞባይል ቤቱ ልጅ ሲም ላይ ነው። ልጁ ታማኝ ሊሆን ይችላል። ሲሙ ግን ሊጠፋ፣ ሊሸጥ፣ ወይም ሳይሠራበት ቆይቶ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። በሞያሌም ይህን የመሰለ ነገር አለ። ከተማዋ በሁለት አገሮች ድንበር ላይ ያለች እንደመሆኗ የኬንያ ሲም የሚይዝ ሰው አይጠፋም። በዚያ ቁጥር አካውንት ከፍቶ ሲሙን የተወው ሰው፣ ቁጥሩ ለሌላ ሲሰጥ የጓሮውን በር ቁልፍ ለማያውቀው ሰው አስረከበ ማለት ነው።

መጠገኛው ከኢሜይሉ ይጀምራል

እንግዲህ ሥራው ከፔዮኒር ሳይሆን ከኢሜይሉ ይጀምራል። በጉግል አካውንት ቅንብር ውስጥ የደኅንነት ገጹን ክፈቱና Recovery phone እና Recovery email የሚሉትን ተመልከቱ። እዚያ ያለው ቁጥር ዛሬ በእጃችሁ ያለ፣ በስማችሁ የወጣ ሲም ነውን? ኢሜይሉስ ዛሬ ልትከፍቱት የምትችሉት ነውን? ካልሆነ አሁኑኑ ለውጡት።

ቀጥሎ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ። ጥሩ የይለፍ ቃል ማለት የተወሳሰበ ሳይሆን ረጅምና ሌላ ቦታ ያልተሠራበት ነው። እርስ በርሳቸው የማይገናኙ አራት ቃላትን በላቲን ፊደል መደርደር ይበቃል፤ ለምሳሌ gimel-mismar-hamus-berad ዓይነት። ይህኑ ግን እንዳትወስዱት፤ የታተመ ቃል ምስጢር አይደለምና። የኢሜይሉን ቃል በሌላ ቦታ አትድገሙት። አንድ ትንሽ ድረ ገጽ ሲሰረቅ ሌቦቹ ያገኙትን ኢሜይልና የይለፍ ቃል ይዘው በሌሎች በሮች ሁሉ ይሞክራሉና።

ሦስተኛው ባለሁለት ደረጃ መግቢያው ነው። 2-Step Verification በሚለው ውስጥ Authenticator የሚለውን ምረጡ። ይህ በስልካችሁ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ሲሆን፣ በየ30 ሴኮንዱ አዲስ ባለ 6 አሃዝ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ የሚሰላው እዚያው ስልኩ ላይ ስለሆነ በአጭር መልእክት አይመጣም፤ ሲማችሁን የወሰደ ሰውም አያገኘውም። ለቆላው አገራችን ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ኔትወርክ በሌለበትም ቁጥሩን ያወጣል። ፔዮኒርም ሆነ አፕወርክ በደኅንነት ቅንብራቸው ይህን መንገድ ከሰጧችሁ ከመልእክቱ ይልቅ ይህን ምረጡ። መልእክት ብቻ የሚሰጥ ካጋጠማችሁም ምንም ካለመኖር ይሻላልና አብሩት።

እዚህ ላይ በአገራችን የተለመደ አንድ ችግር አለ። መተግበሪያው ቁጥሩን የሚያሰላው ከስልኩ ሰዓት ነው። ብዙ ሰዎች ደግሞ ስልካቸውን በእጃቸው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሞላሉ፤ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ስልኩም 3:00 እንዲል ማለት ነው። ስልኩ በዓለም አቆጣጠር ሊል የሚገባው ግን 9:00 ነው። በ6 ሰዓት የተዛባ ስልክ የሚያወጣው ቁጥር ምንጊዜም «ስሕተት» ይባላል። ባለቤቱም መተግበሪያው አይሠራም ብሎ ያጠፋዋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀንና ሰዓቱን ስልኩ ራሱ ከኔትወርክ እንዲወስድ መፍቀድ ነው። የአገራችንን ሰዓት በግድግዳው ሰዓት ላይ ማየት ይቻላል።

ስልኩ ቢጠፋስ?

መተግበሪያውን የያዘው ስልክ ቢሰረቅ ወይም ቢሰበር ባለቤቱ ራሱ በውጭ ይቀራል። ለዚህ የተዘጋጀው Backup codes የሚባለው ነው። ጉግል እያንዳንዳቸው ባለ 8 አሃዝ የሆኑ 10 ቁጥሮችን ይሰጣል። እያንዳንዱ የሚያገለግለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። አዲስ 10 ስትጠይቁ የቀድሞዎቹ ይሻራሉ። እነዚህን በወረቀት ጻፏቸውና የቤት ካርታና የጋብቻ ውል በሚቀመጥበት ሳጥን አስቀምጧቸው። በዚያው ስልክ ፎቶ ማንሳት ወይም ወደዚያው ኢሜይል መላክ ትርጉም የለውም፤ የሳጥኑን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎ እንደመሄድ ነው። በቤተሰብ ውስጥ ወረቀቱ ያለበትን ቦታ አንድ የታመነ ሰው ቢያውቅ መልካም ነው።

ሲሙንም አትርሱ። ስልካችሁ በመቆለፊያ ቢዘጋም ሌባ ሲሙን አውጥቶ በሌላ ስልክ ከከተተው የሚላኩትን ኮዶች ሁሉ ይቀበላል። ስለዚህ በስልኩ የደኅንነት ቅንብር ውስጥ የሲሙን መቆለፊያ አብሩ። ሲሙ በሌላ ስልክ ሲከፈት PIN ይጠይቃል፤ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ይዘጋና PUK ካልገባ አይከፈትም። የመጀመሪያው PIN እና PUK ሲሙ በመጣበት ካርድ ላይ ታትመው ይገኛሉ። ካርዱ ከጠፋባችሁ በግምት አትሞክሩ፤ አስቀድማችሁ ከድርጅቱ ጠይቁ።

ይህ ሁሉ ሆኖ መተግበሪያው የማይከለክለው አንድ መንገድ አለ። ሐሰተኛ ገጽ ላይ የይለፍ ቃሉንና ያንን ባለ 6 አሃዝ ቁጥር በእጃችሁ ከጻፋችሁለት፣ ሌባው በዚያው 30 ሴኮንድ ውስጥ በእውነተኛው ገጽ ላይ ሊያስገባው ይችላል። ስለዚህ ወደ ፔዮኒር በተላከላችሁ ማያያዣ ሳይሆን አድራሻውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ግቡ። ደውሎ «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የመጣልዎትን ቁጥር ያንብቡልኝ» ለሚልም መልሱ ስልኩን መዝጋት ነው።

ምልክቱና እርምጃው

አካውንት መነጠቁ በምን ይታወቃል? ያልጠየቃችሁት ኮድ ሲመጣ አንድ ሰው በሩን እያንኳኳ ነው ማለት ነው። የጎረቤት ስልክ እየሠራ የእናንተ ብቻ በድንገት አገልግሎት የለም ካለ፣ በቁጥራችሁ ሌላ ሲም ወጥቶ ሊሆን ይችላልና በሌላ ስልክ ወደ 994 ደውላችሁ ኢትዮ ቴሌኮምን ጠይቁ። ሦስተኛው ምልክት ዝምታ ነው። አፕወርክ አዲስ የገንዘብ መቀበያ ሲጨመር ገንዘቡን ለጥቂት ቀናት ያቆያል፤ ለባለቤቱም በኢሜይል ያሳውቃል። ኢሜይሉን የያዘው ሌባ ግን ይህ ማስጠንቀቂያ እንዳይታይ ወደ ቆሻሻው እንዲሄድ የሚያዝ ማጣሪያ ያስቀምጣል።

ስለዚህ ከተጠራጠራችሁ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ወደ ኢሜይሉ ገብታችሁ የይለፍ ቃሉን ቀይሩ፤ የማታውቋቸውን ስልኮችና ኮምፒዩተሮች አስወጡ፤ የመልሶ ማግኛ ቁጥሩ ተቀይሮ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ ጂሜይልን በኮምፒዩተር ከፍታችሁ Filters and Blocked Addresses እና Forwarding and POP/IMAP የሚሉትን ገጾች እዩ፤ ያላስቀመጣችሁት ትእዛዝ ካለ ሰርዙት። ይህን ሳትጨርሱ የፔዮኒርን ቃል ብትቀይሩ ሌባው በኢሜይሉ ተመልሶ ይገባል። ኢሜይሉ ከጸዳ በኋላ ወደ ፔዮኒርና ወደ አፕወርክ ሂዱ፤ የገንዘብ መቀበያው የእናንተው መሆኑን አረጋግጡ፤ ለድርጅቶቹም ወዲያውኑ አመልክቱ።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ ልጃችሁ በኢንተርኔት የሚሠራ ከሆነ ዛሬ ማታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፤ «በኢሜይልህ ላይ ያለው የመልሶ ማግኛ ስልክ የማን ነው?» በሉት። ወዲያው መመለስ ካቃተው አብራችሁ ተቀምጣችሁ ክፈቱት።