ሳታስረዱ አታስፈርሙን!

“መመሪያውን ተቀብያለሁ፣ አንብቤያለሁ፣ ተረድቻለሁ።” ይህን የምታስፈርሙ የጽዳት ካብላኖች፣ ከሦስቱ እውነት የሚሆነው አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያው ብቻ መሆኑን አሳምራችሁ ታውቃላችሁ!

በኢየሩሳሌም፣ ከኢትዮጵያ ጎዳናው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት ብዙም ሳይርቅ ቢሮ የሚያጸዱ ጎረቤቴ፣ ወፍራም የዕብራይስጥ መመሪያ ተሰጥቷቸው መጥረጊያ እንደያዙ፣ ቆመው ፈረሙ። ከጊዜ በኋላ በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ኤኮኖሚካውን ከአሲድ ጋር ደባለቁት። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ሳል አንቆ ሲይዛቸው አለቃቸው ያወጣው ወረቀቱን ነው፦ “ፈርመዋል እኮ!”

ፈርመዋል፤ ማን አስረዳቸው? በእስራኤል የ1999ኙ የሥራ ደኅንነት ሥልጠና ደንብ አሠሪው ቢያንስ በዓመት አንዴ እንዲያሠለጥንና ሠራተኛው በትክክል መረዳቱን እንዲያረጋግጥ ያዛል። ማረጋገጥ የአሠሪው ግዴታ ሆኖ ሳለ በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሸክሙን ወደ ሠራተኛዋ ማዞር ዓይን ያወጣ ድፍረት ነው።

ፊርማው ሁለት ይሁን። አንደኛው ለመቀበል ብቻ፦ “የመመሪያውን የጥር 2025 እትም በአማርኛና በዕብራይስጥ ተቀብያለሁ። ቅጂው በእጄ ነው። ይህ ፊርማ መብቴን አያስቀርም።” እትሙ ካልተጠቀሰ ነገ የተጨመረ ደንብ የዛሬውን ፊርማ ይለብሳል።

ሁለተኛው ከማብራሪያው በኋላ፣ ለዋና ዋናዎቹ ደንቦች ለየብቻ ይፈረም፦ “ኬሚካል ስለማይደባለቅበት ምክንያት በአማርኛ ተብራርቶልኛል። ያስረዳኝ ሰው ስም፦ … የሰጠሁት መልስ፦ …” ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ አቤቱታና ስለ ሕመም ፈቃድም እንዲሁ።

“መልስ” ያልኩት በምክንያት ነው። እናቶቻችንን “ገባዎት?” ብትሏቸው ይሉኝታ ይዟቸው “አዎ ልጄ” ይላሉ። ይልቅ “ኤኮኖሚካ የፈሰሰበት ወለል ላይ አሲድ ጨምሩ ቢባሉ ምን ያደርጋሉ?” ብላችሁ ጠይቁ። “አልጨምርም፤ መስኮት ከፍቼ እወጣለሁ” ካሉ፣ ቃላቸው እንዳለ ይጻፍ። ከተሳሳቱ አይፈርሙ፤ እንደገና ይብራራላቸው። መፈረም ያልፈለገ ሰው ካለም “ተሰጥቶታል፣ ተብራርቶለታል፣ አልፈረመም” ተብሎ ቀኑና የምስክሩ ስም ይመዝገብ እንጂ ከሥራ አባርራለሁ እያሉ ማስፈራራት አይገባም።

ይህ ሁሉ ሆኖም ፊርማው ጓንት አይሆንም፤ መስኮት አይከፍትም። እነዚያን ማቅረብ የእናንተ ነው።

“ጊዜ ይፈጃል” ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይፈጃል! የማብራሪያውን ሰዓት ከሥራ ሰዓት ቁጠሩት፤ ቱሉሹ ላይም ይታይ። ያልከፈላችሁበትን ሥልጠና በእናቶቻችን ፊርማ አታወራርዱ።