በአቅርቦት ጊዜ ውስጥ የተደበቀ መጠባበቂያ

የቁሳቁስ ፍላጎት ዕቅድ ያወጣው የግዢ ሐሳብ ከእውነታው ጋር ሳይገጥም ሲቀር በቅድሚያ የሚወቀሰው ሶፍትዌሩ ነው። ወቀሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ቦታውን የሳተ ነው። ጆሴፍ ኦርሊኪ እ.ኤ.አ. በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ያብራራው ስሌት መደመር፣ መቀነስና ማባዛት እንጂ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ስሕተቱም የሚገኘው በስሌቱ ሳይሆን በተሰጠው መረጃ ውስጥ ነው።

ለአብነት የተማሪ ዴስክ የሚሠራ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ይወሰድ። በ10ኛው ሳምንት 200 ዴስክ ማስረከብ አለበት፤ በመጋዘኑ 20 የተጠናቀቁ ዴስኮች ስላሉ የሚቀረው 180 ነው። መገጣጠም 1 ሳምንት ስለሚወስድ ሥራው በ9ኛው ሳምንት መጀመር ይኖርበታል። የግብዓት ዝርዝሩ እንደሚያሳየው እያንዳንዱ ዴስክ አንድ የብረት እግር ይፈልጋል። ከ180ው እግሮች 30 ተሠርተው ስለተቀመጡ 150 ይሠራሉ፤ ብየዳውና ቀለሙ 2 ሳምንት ስለሚፈጅም ሥራው በ7ኛው ሳምንት ይጀመራል። ለአንድ እግር አንድ ቤርጋ ቱቦላሬ ያስፈልጋል። በግምጃ ቤት 40 ቤርጋ አለ፤ ቀደም ሲል የታዘዘ 20 ደግሞ በ6ኛው ሳምንት ይገባል። ስለዚህ የተጣራው ፍላጎት 90 ቤርጋ ነው። ነጋዴው የሚሸጠው በ50 እስር ከሆነና ለማቅረብ 5 ሳምንት የሚፈልግ ከሆነ፣ የግዢ ሐሳቡ «በ2ኛው ሳምንት 100 ቤርጋ ይታዘዝ» ይላል።

በዚህ ሰንሰለት ላይ የክምችት ስሕተት የሚያስከትለው ጉዳት ቶሎ ይታያል። በቢን ካርዱ ላይ 40 ተጽፎ በመደርደሪያው ላይ ያለው 25 ብቻ ቢሆን፣ ከሚገባው 120 ጋር ሲደመር 145 ይሆናል። ብየዳው አምስት እግሮች ሲቀሩት ይቆማል፤ ስሕተቱም በቆጠራ ይታረማል።

የአቅርቦት ጊዜ ስሕተት ግን እንዲህ በቀላሉ አይጋለጥም። ፋብሪካው ለዴስኩ የሚሆነውን ልዩ ብሎን በቀጥታ ከውጭ ያስመጣል እንበል። የአቅርቦት ጊዜው 12 ሳምንት ሆኖ ተመዝግቧል። ብሎኑ በ9ኛው ሳምንት ስለሚፈለግና ዛሬ 1ኛው ሳምንት ስለሆነ፣ ሥርዓቱ ትዕዛዙ ከ4 ሳምንት በፊት መተላለፍ እንደነበረበት ያሳውቃል። ይህ ያልተለመደ ነገር አይደለም፤ ሥርዓቱ ያለፈውን ቀን ማየት ይችላል፣ መመለስ ግን አይችልም። የግዢ ባለሙያው በዚህ ሲሰለች 12ቱን ሰርዞ 24 ይጽፋል። ከዚያ በኋላ የጊዜ ያለፈበት ማስጠንቀቂያ ይቀንሳል፤ ችግሩም የተፈታ ይመስላል።

የተፈታ ነገር ግን የለም። ብሎን ከስድስት ወር ገደማ አስቀድሞ የሚታዘዘው ገና ባልተረጋገጠ የዴስክ ፍላጎት ላይ ተመሥርቶ ነው። ፍላጎቱ ሲለወጥ የተገዛው ብሎን በመጋዘን ተቀምጦ ገንዘብ ያስራል፤ የሚፈለገው ሌላ ዓይነት ግን አይገኝም። ይባስ ብሎ እያንዳንዱ ገዢ አስቀድሞ ባዘዘ ቁጥር የአቅራቢው ወረፋ ይረዝማል፤ የረዘመው ወረፋም ቁጥሩን እንደገና ለማሳደግ ምክንያት ይሆናል።

ይህን የሚመለከቱ አንዳንዶች ዘዴው ለእንዲህ ያለ ገበያ አይሆንምና ክምችት ከተወሰነ መጠን ሲወርድ ማዘዝ ይሻላል ይላሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም ያ ዘዴ የሚሠራው ዕቃው በየሳምንቱ በተቀራራቢ መጠን ሲወጣ ነው። የዴስክ ትዕዛዝ ትምህርት ከመከፈቱ በፊት በአንድ ጊዜ ይጎርፋል፤ የብሎኑ ፍላጎትም ከዴስኩ የሚመነጭ በመሆኑ ለወራት ዜሮ ሆኖ ቆይቶ ድንገት 1,440 ይሆናል።

የተሻለው መንገድ አንዱን ቁጥር መበተን ነው። የአቅራቢው የማምረቻ ጊዜ፣ ኤል ሲ ለመክፈት የሚጠፋው ጊዜ፣ የባሕር ጉዞው፣ ከጅቡቲ እስከ ሞጆ ደረቅ ወደብ ያለው ጉዞና የጉምሩክ ሥነ ሥርዓቱ ለየብቻ ቢመዘገቡ የትኛው እንደሚዋዥቅ ይለያል። ለመዋዠቁ የሚያዘው መጠባበቂያ በአቅርቦት ጊዜ ውስጥ ሳይደበቅ በራሱ መስክ፣ የመጠባበቂያ ክምችት ወይም የመጠባበቂያ ጊዜ ተብሎ ሊቀመጥ ይገባል። የተደበቀውን ማንም አይከልሰውም፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም እንደ እውነተኛ የአቅርቦት ጊዜ ይታመናል።

የውጭ ምንዛሪ አሠራር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ሲለወጥ ቀድሞ ለባንክ ወረፋ ተብሎ የተጨመረ ሳምንት ሁሉ ሊመረመር ይገባው ነበር። ምርመራው አዲስ ሶፍትዌር አይጠይቅም፦ የመጨረሻዎቹን አሥር ግዢዎች የትዕዛዝና የርክክብ ቀን ከግምጃ ቤቱ የገቢ ደረሰኝ ላይ አውጥቶ በመስኩ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ማስተያየት ብቻ ነው።